ከ98ኛ ወደ 27ኛ ፐርሰንታይል፦ የአንድ ሐዋሳ ታካሚ የስኳር በሽታ የስጋት ነጥብ ሲፈተሽ

ታካሚው የ46 ዓመት ጎልማሳ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ይውላል። ማንነቱን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮች እዚህ ተለውጠዋል። አሜሪካ የምትኖር እህቱ የምራቅ መመርመሪያ ላከችለት፤ ውጤቱ ሲደርሰው የዲኤንኤ ፋይሉን የስጋት ነጥብ የሚያሰላ ድረ ገጽ ላይ ጫነው። የተመለሰለት ሪፖርት ለዓይነት 2 ስኳር በሽታ «98ኛ ፐርሰንታይል፣ ከፍተኛ ስጋት»፣ ማለትም ነጥቡ ከ100 ሰዎች 98ቱን ይበልጣል፣ ለልብ የደም ቧንቧ በሽታ ደግሞ «12ኛ ፐርሰንታይል፣ ዝቅተኛ ስጋት» ይላል። ወረቀቱን አትሞ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄደ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ «ዶክተር፣ በሽታው ሳይጀምረኝ ከአሁኑ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ብወስድ አይሻልም?»

መልሱ የሚገኘው ነጥቡ እንዴት እንደተሠራ በማየት ነው። ስለዚህ ከታካሚው ፈቃድ ተወስዶ ስሌቱ ከመጀመሪያው እንደገና ተሠራ።

ነጥቡ ምን ይደምራል

ሰዎች በዲኤንኤያቸው ላይ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩባቸው ቦታዎች ስኒፕ ይባላሉ። መላ ጂኖምን የሚፈትሹ ትልልቅ ጥናቶች ስኳር ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ያነጻጽራሉ፤ በየስኒፑ አንዱ ፊደል በታማሚዎቹ ዘንድ ምን ያህል እንደሚበዛ ይለካሉ። ከዚህ ልኬት ለእያንዳንዱ ስኒፕ አንድ ክብደት ይወጣል። የፖሊጂኒክ የስጋት ነጥብ ማለት አንድ ሰው በየስኒፑ የተሸከመው የስጋት ፊደል ብዛት፣ ማለትም 0፣ 1 ወይም 2፣ በክብደቱ ተባዝቶ ሁሉም ሲደመር የሚገኘው ቁጥር ነው።

```
S = w1*g1 + w2*g2 + ... + wn*gn
```

በስኳር በሽታ በኩል ከታወቁት ሁሉ የሚበረታው የተለመደ ስኒፕ `TCF7L2` በተባለው ጂን ላይ ያለው `rs7903146` ነው። አንድ የ`T` ፊደል የበሽታውን ዕድል 1.4 እጥፍ ገደማ ያደርጋል፤ ክብደቱ የዚህ ቁጥር ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ማለትም 0.34 ነው። ሁለት `T` ያለው ሰው በዚህ ቦታ ብቻ 0.68 ያገኛል። የቀሩት ስኒፖች ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው፤ ነጥቡ ጉልበት የሚያገኘው ከብዛታቸው ነው። እዚህ የተሠራበት የክብደት ዝርዝር 1.1 ሚሊዮን ገደማ ስኒፖች አሉት። ጎን ለጎን ያሉ ስኒፖች አብረው ስለሚወረሱ አንዱን ምልክት ደጋግሞ መቁጠር አይገባም፤ ስለዚህ የክብደት ማስሊያ ፕሮግራሞቹ የትኛው ስኒፕ ከየትኛው ጋር እንደሚተሳሰር ከአንድ ማመሳከሪያ ሕዝብ ወስደው ክብደቶቹን ያሳንሳሉ። ይህ ማመሳከሪያ ሕዝብ ብዙ ጊዜ አውሮፓዊ ነው። ከዚህ በታች ይመለስበታል።

ስሌቱን መድገም

ከምራቁ የወጣው ፋይል 640,000 ያህል ስኒፖችን ብቻ የያዘ ነበር፤ ከክብደት ዝርዝሩ ጋር በቀጥታ የተገናኙት ከሩብ ያነሱ ናቸው። የቀሩት ከማመሳከሪያ ጂኖሞች ተነሥቶ በግምት የሚሞሉ ናቸው። የግምቱ ጥራት ለእያንዳንዱ ስኒፕ ከ0 እስከ 1 ይሰጣል፤ ከ0.8 በታች የሆኑት ተጣሉ። ፋይሉ የተጻፈበት የጂኖም ቅጂና የክብደት ዝርዝሩ ቅጂ መለያየታቸውም ታየ፤ የቦታ ቁጥሮቹ ወደ አንድ ቅጂ ሳይለወጡ ቢሰላ ኖሮ አብዛኛው ስኒፕ ሳይገጥም ይቀር ነበር። ሌላው የተለመደ ወጥመድ `A/T` እና `C/G` የሆኑት ስኒፖች ናቸው። ዲኤንኤ ሁለት ተጓዳኝ ክሮች ስላሉት ፋይሉ የትኛውን ክር እንዳነበበ በእነዚህ ላይ ከፊደሉ ብቻ መለየት አይቻልም፤ የፊደሎቹ ድግግሞሽ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ከሆነ ማውጣት ይሻላል።

```
plink2 --pfile case_clean \
  --read-freq ref.afreq \
  --score weights.txt 1 4 6 header cols=+scoresums list-variants \
  --out case_score
```

ሁለተኛው መስመር እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በፋይሉ ውስጥ ያለ ስኒፕ ንባቡ ሲጎድል ፕሮግራሙ የፊደሉን አማካይ ድግግሞሽ ይተካል፤ የአንድ ሰው ፋይል ግን የራሱ አማካይ የለውም። ስለዚህ ድግግሞሹ ከውጭ ይሰጠዋል። የተሰጠው የአውሮፓ ድግግሞሽ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው የታካሚው ባዶ ቦታ ሁሉ በዝምታ በአውሮፓ አማካይ ይሞላል። `list-variants` ደግሞ የትኞቹ ስኒፖች በእርግጥ እንደተደመሩ ይጽፋል፤ እዚህ 960,000 ገደማ ሆኑ። ከዚያም ማመሳከሪያዎቹ ሰዎች ሁሉ በእነዚሁ ስኒፖች ብቻ እንደገና ተሰሉ። ታካሚውን በ960,000፣ ማመሳከሪያውን በ1.1 ሚሊዮን አስልቶ ማነጻጸር ፐርሰንታይሉን ያለ ምክንያት ያዛባል፤ የሚወጣው ቁጥር የተለመደ ስለሚመስልም ስሕተቱ ዓይን አይገባም።

አንድ ድምር፣ ሦስት ፐርሰንታይል

ድምሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚያገኘው ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ሲታወቅ ነው። ለማመሳከሪያ የተወሰደው የ1000 ጂኖሞች ፕሮጀክት ነው፦ ከ26 ሕዝቦች የተወጣጡ 2,504 ሰዎች።

ታካሚው ከፕሮጀክቱ አውሮፓውያን ጋር ሲነጻጸር ከአማካያቸው በ2.1 መደበኛ ልይይት፣ ማለትም ሰዎቹ ከአማካያቸው በሚርቁበት የተለመደ መጠን 2.1 እጥፍ፣ በላይ ሆነ፤ ያ 98ኛ ፐርሰንታይል ነው። ድረ ገጹ የሰጠው ቁጥር ከዚህ የመጣ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ያው ድምር ከፕሮጀክቱ አፍሪካውያን ጋር ሲነጻጸር በ0.6 በታች ሆነ፤ 27ኛ ፐርሰንታይል ማለት ነው። አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ሰውዬው ከ«ከፍተኛ ስጋት» ወደ «ከአማካይ በታች» ወረደ።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? `SLC30A8` በተባለው ጂን ላይ ያለውን `rs13266634` እንውሰድ። የስጋት ፊደሉ `C` ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ100 ክሮሞሶሞች 70 ገደማው ይህን ፊደል ይይዛሉ፤ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ግን ከ90 በላይ ናቸው። ለስሌት እንዲቀል 0.70 እና 0.95 እንበል። አውሮፓዊው በአማካይ 1.4 የስጋት ፊደል ሲኖረው አፍሪካዊው 1.9 ይኖረዋል። ክብደቱ 0.11 ቢሆን ከዚህ አንድ ቦታ ብቻ 0.055 ልዩነት ይመጣል። እንዲህ ያለው ጥቃቅን ልዩነት በብዙ ስኒፖች ላይ ሲደመር የአንድ ሕዝብ አማካይ ሙሉ በሙሉ ይሸሻል። በስኳር በሽታ የታወቁት የስጋት ፊደሎች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ እስያ እየቀነሱ እንደሚሄዱ በ2012 በወጣ ጥናት ታይቷል።

ይህ ሽሽት አፍሪካውያን በተፈጥሯቸው ለስኳር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው ማለት አይደለም። ስኒፖቹ የተመረጡት በአውሮፓውያን መካከል ሰውን ከሰው ስለሚለዩ ነው፤ እነሱን ሰብስቦ አህጉርን ከአህጉር ማወዳደር የመረጣውን አድልዎ መለካት ይሆናል። በ2017 የወጣ ጥናት ይህንኑ በቁመት አሳይቷል፤ በአውሮፓውያን የተሠራው የቁመት ነጥብ ምዕራብ አፍሪካውያንን ከአውሮፓውያን እጅግ ያጠሩ አድርጎ ተነበየ። እውነታው እንዲህ አይደለም።

በዚያው ስኒፕ ላይ ሁለተኛ ነገር አለ፤ ዋናውም እሱ ነው። አንድ ስኒፕ ሰዎችን ምን ያህል እንደሚለይ የሚነግረው `2p(1-p)` ነው። ለአውሮፓ 2×0.70×0.30 ሲሰላ 0.42 ይሆናል፤ ለሌላው 2×0.95×0.05 ሲሰላ 0.095 ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል የያዘው ፊደል ማን ይበልጥ እንደሚጋለጥ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ስኒፑ የታካሚውን ድምር ከፍ አድርጎታል፤ ስለ እሱ የሚናገረው ግን ከምንጊዜውም ያነሰ ነው።

ኢትዮጵያዊው የት ይቀመጣል

ታዲያ 27ኛው ትክክል ነው ማለት ነው? አይደለም። የ1000 ጂኖሞች አፍሪካውያን ከናይጄሪያ፣ ከጋምቢያ፣ ከሴራሊዮንና ከኬንያ ሉህያዎች፣ እንዲሁም ከአሜሪካና ከባርባዶስ ጥቁሮች የተወሰዱ ናቸው። ኢትዮጵያዊ አንድም የለም። ሉህያዎች ጎረቤት ቢሆኑም ባንቱ ተናጋሪዎች ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸው በአብዛኛው ወደ ምዕራብ ያመራል።

በ2012 የወጣ የኢትዮጵያ ጂኖም ጥናት በሴማዊና በኩሻዊ ተናጋሪዎች ዘንድ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ጂኖም ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚመሳሰል፣ ቅልቅሉም 3,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ገምቷል። የቀረው ክፍልም ቢሆን የምሥራቅ አፍሪካ እንጂ የናይጄሪያ አይደለም። የታካሚው ጂኖም በፒሲኤ፣ ማለትም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስኒፖችን ወደ ጥቂት ዘንጎች በሚያጠቃልለው ስሌት ሲታይ፣ በመጀመሪያው ዘንግ ላይ በአፍሪካና በአውሮፓ ቡድኖች መካከል ባዶው ሜዳ ላይ አረፈ።

እንዲህ ላለው ሰው የሚሠራበት ማስተካከያ አለ። የማመሳከሪያዎቹ ነጥብ ከፒሲኤ ዘንጎች ላይ በመስመራዊ ግንኙነት ይገመታል፤ ከዚያ የታካሚው ነጥብ በእርሱ ቦታ ላለ ሰው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚርቅ ይሰላል።

```
z = (S - (a + b1*PC1 + b2*PC2 + b3*PC3 + b4*PC4)) / SD
```

ውጤቱ +0.3፣ ማለትም 62ኛ ፐርሰንታይል ሆነ። ከሁለቱ ይልቅ ለእውነት የሚቀርበው ይህ ነው፤ ሆኖም በመካከሉ አንድም ኢትዮጵያዊ ሳይኖር በሁለት ጫፎች መካከል በተሰመረ መስመር ላይ የቆመ ግምት ነው።

ማስተካከያው የማያድነው

በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ፐርሰንታይሉ ስለተስተካከለ ነጥቡ የዳነ ይመስላቸዋል። የተስተካከለው ግን አማካዩ ብቻ ነው። ክብደቶቹ አልተነኩም።

በጥናት ላይ ጎልቶ የሚወጣው ስኒፕ ብዙውን ጊዜ በሽታውን የሚያመጣው ራሱ አይደለም፤ ከእሱ ጋር አብሮ የሚወረስ ጎረቤቱ ነው። በአውሮፓውያን ዘንድ እነዚህ አብረው የሚወረሱ ክፍሎች ረጅም ናቸው፤ ከአፍሪካ የወጡት ጥቂት ስለነበሩ ልዩነታቸው ጠብቧል። በ2002 የወጣ ልኬት የክፍሎቹን አማካይ ርዝመት በአውሮፓውያንና በእስያውያን 22,000፣ በዮሩባዎችና በአፍሪካ አሜሪካውያን 11,000 ፊደል አድርጎታል። ከበሽታ አምጪው 15,000 ፊደል የራቀ ስኒፕ እንግሊዝ ውስጥ ጥሩ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ናይጄሪያ ኢባዳን ላይ ከአምጪው ጋር የሚያገናኘው ነገር ላይኖር ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም ይገኛሉ፦ የጥንቱ አጫጭር ክፍሎችና ከቅልቅሉ የመጡ ረጃጅሞቹ። የአውሮፓውም የናይጄሪያውም የትስስር ሠንጠረዥ በትክክል አይገጥማትም። `rs7903146` በአፍሪካም የሚሠራው ራሱ በሽታ አምጪው እንደሆነ በጠንካራ ማስረጃ ስለሚታመን ነው፤ የጎረቤት ምልክት አያስፈልገውም። ከ1.1 ሚሊዮኑ እንዲህ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

በአውሮፓ ስለማይገኝ ከዝርዝሩ የቀረም አለ። በ2019 `ZRANB3` የተባለው ጂን ከናይጄሪያ፣ ከጋናና ከኬንያ በመጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከስኳር በሽታ ጋር መያያዙ ታየ። ስኒፑ በሌለበት ሕዝብ ላይ የተሠራ ጥናት ይህን ሊያገኝ አይችልም፤ በምንም ያህል ብዙ ሰው ላይ ቢደረግም።

ጥፋቱ በቁጥር ሲታይ ይህን ይመስላል። በ2019 የወጣ ትንታኔ የብዙ ሰዎችን የጤናና የዘረመል መረጃ በያዘው በእንግሊዝ ባዮባንክ ባሉ 17 ባሕርያት ላይ ከአውሮፓውያን የተሠሩ ነጥቦች ትክክለኛነት በአፍሪካ ሐረግ ባላቸው ሰዎች በአማካይ 4.5 ጊዜ ያህል እንደሚያንስ አሳይቷል። ትክክለኛነቱ በካሬ የሚለካ ስለሆነ የነጥቡ ጉልበት በ4.5 ካሬ ሥር፣ በ2.1 ይካፈላል። በአውሮፓውያን ዘንድ አንድ መደበኛ ልይይት የበሽታውን ዕድል 1.7 እጥፍ የሚያደርግ ነጥብ ይኑረን እንበል፤ የ1.7 ሎጋሪዝም 0.53 ነው፣ ለ2.1 ሲካፈል 0.25 ገደማ፣ ወደ እጥፍ ሲመለስ 1.28። ሪፖርቱ ለታካሚው የነገረው 1.7 በ2.1 ኃይል ሲነሣ የሚገኘውን፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የተስተካከለው 1.28 በ0.3 ኃይል ሲነሣ 1.08 ይሆናል። ከሦስት እጥፍ ወደ 8 በመቶ ብልጫ! 4.5 የብዙ ባሕርያት አማካይ በመሆኑ የመጨረሻው አኃዝ ማሳያ እንጂ የታካሚው ልኬት አይደለም፤ የውድቀቱን መጠን ግን በትክክል ያሳያል።

በአፍሪካውያን የተሠራ ነጥብ ቢገኝስ? ያም ቢሆን ለአፍሪካ ሁሉ በአንድ ልክ አይሠራም። በ2022 ከአፍሪካ አሜሪካውያን የተሠራ የኮሌስትሮል ነጥብ በደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች ዘንድ ኤልዲኤል የተባለውን የኮሌስትሮል ዓይነት ልዩነት 8.14 በመቶ ሲያብራራ በኡጋንዳ 0.026 በመቶ ብቻ አብራርቷል። በ2023 ደግሞ ትክክለኛነቱ ነጥቡ ከተሠራበት ሕዝብ በሚኖር የዘረመል ርቀት ልክ በተከታታይ እንደሚወርድ ታይቷል፤ በዘር ስም አይቆረጥም። ሐዋሳ ላይ አንድ ክሊኒክ ወረፋ የሚጠብቁ ሲዳማ፣ ወላይታ፣ አማራ፣ ኦሮሞና ጉራጌ በዚያ ርቀት ላይ አንድ ቦታ አይቆሙም።

ክሊኒኩ ያደረገው

የታካሚው አባት የስኳር ታማሚ ናቸው። ይህ ከነጥቡ የሚሻል የዘር መረጃ ነው፤ የማንም ሌላ ሕዝብ ክብደት አያስፈልገውም። ወገቡ 98 ሳንቲ ሜትር፣ የደም ግፊቱ 138 በ86፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳሩ 108 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ። የሦስት ወሩ አማካይ 5.8 በመቶ ነበር። በአሜሪካ የስኳር ማኅበር መስፈርት በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 የቅድመ ስኳር ክልል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ110 ይጀምራል። ስለዚህ ምርመራው በሌላ ቀን ተደገመ፤ 106 ወጣ።

የተነገረው ይህ ነው፦ «እርስዎ ላይ ስጋት አለ፤ የሚታየው ግን ከዚህ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከወገብዎ፣ ከአባትዎና ከደምዎ ነው። መድኃኒት ለመጀመር ነጥቡ ምክንያት አይሆንም።» በ2002 በአሜሪካ የወጣው የስኳር መከላከል ሙከራ ክብደት መቀነስና እንቅስቃሴ በሽታውን 58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን 31 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ለዚህ ታካሚ የመጀመሪያው ተመረጠ፤ የክብደቱን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ። ስኳሩ ከ6 ወር በኋላ እንደገና እንዲለካ ተቀጠረ።

ከዚህ የባሰ አደጋ ያለው በሪፖርቱ ሁለተኛ መስመር ላይ ነበር። ታካሚው ግፊቱን ለዓመታት አልተለካም ነበር፤ የልቡ ነጥብ 12ኛ ስለሚል ለመለካትም አላሰበም። ነጥቦች በየበሽታው ወደ ላይም ወደ ታችም ይሸሻሉ፤ ወደ ላይ የሸሸው ሰውን አስደንግጦ ወደ ሐኪም ይልካል፣ ወደ ታች የሸሸው ግን አረጋግቶ ቤቱ ያስቀምጣል። ግፊቱ ለአንድ ሳምንት ቤቱ ጠዋትና ማታ እንዲለካ፣ ኮሌስትሮሉም እንዲመረመር ታዘዘ። በካርዱ ላይ የአባቱ ሕመም፣ ወገቡ፣ ግፊቱና የደም ውጤቶቹ ተጻፉ። ፐርሰንታይሉ አልተጻፈም፤ ከዓመታት በኋላ ካርዱን የሚከፍት ሌላ ሐኪም ከየትኛው ማመሳከሪያ እንደመጣ ሳያውቅ እንደ ደም ውጤት ሊያነበው ይችላልና።

ነጥቡን እዚህ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ሥራ በሦስት ደረጃ ይለያያል። አማካዩን በእርግጠኝነት ለማስቀመጥ ከየአካባቢው የተወሰዱ ጥቂት መቶ ጂኖሞች ይበቃሉ። ነጥቡ ታማሚን ከጤነኛ ይለይ እንደሆነ ለመፈተሽ ቢያንስ በሺህ የሚቆጠሩ ታማሚዎችና ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ጤነኞች ይፈለጋሉ። ክብደቶቹን እንደገና ለማስላት ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ናሙና ያስፈልጋል፤ ከአውሮፓው ክብደት ጋር አጣምረው የሚያሰሉ ዘዴዎች ይህን ቁጥር ይቀንሱታል እንጂ አያስቀሩትም። የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ለታካሚ ፐርሰንታይል መስጠት ከድረ ገጹ የተሻለ የሚመስል፣ ነገር ግን ያንኑ ደካማ ክብደት የተሸከመ ሪፖርት ማውጣት ነው። ሁለተኛው ሳይሠራ ወደ ካርድ የሚገባ ነጥብ ሊኖር አይገባም።